ስኳር ሲወርድ፦ ለቀይ አፈር ቤተሰብ የሚሆን ካርድ አሠራር ደረጃ በደረጃ

ሐሙስ ነው፤ የቀይ አፈር ገበያ ደርቷል። አንድ ሰው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያናግሩት የማይገናኝ መልስ ይመልሳል። አላፊ አግዳሚው ጠጥቶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ከሆነ ግን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ያድነዋል። ቦርዴ ወይም አረቄ መጨመር ደግሞ ይብስበታል፤ አልኮል ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ያግዳልና።

ይህ መልእክት በአማርኛው የስኳር ሕመም በራሪ ወረቀት ላይ አለ። ችግሩ ወረቀቱ ረጅም መሆኑ፣ በቢሮ አማርኛ መጻፉ፣ የበናና የፀማይ ቤተሰብ ደግሞ በአብዛኛው አማርኛ የሚሰማው በሁለተኛ ቋንቋነት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ ይህን አንዱን ጉዳይ አውጡና አራት ሥዕል ያለው አንድ ካርድ፣ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ የበና ቋንቋ የድምፅ ቅጂ ጨምራችሁ ሥሩ። አሠራሩ ለፀማይም ለአሪም ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የአማርኛው በራሪ ወረቀት
- ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጥቁር ማርከር
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ
- ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን
- የሾርባ ማንኪያ፣ ብርጭቆ፣ ቅል
- ስኳር፣ ማር፣ ጨው፣ አንድ ፓኬት ለምለም፣ የቡና ገለባ

የሚያስፈልጉ ሰዎች

አንድ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ያዙ። በና ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ፣ አማርኛም የሚችሉ ሁለት ሰዎች ፈልጉ። ሁለቱ ተለያይተው ነው የሚሠሩት፤ ስለ ጽሑፉ እንዳይነጋገሩ ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ጂንካ ያለው የኤፍ ኤም ጣቢያ በአካባቢው ቋንቋዎች ስለሚያሰራጭ እዚያ መተርጎም የለመዱ ሰዎች ይገኛሉ። አንድ ሥዕል የሚሞክር ሰው ጨምሩ፤ የትምህርት ቤት ልጅም ይበቃል።

ደረጃ 1፦ አንዱን ጉዳይ ለይታችሁ ቁረጡ

በራሪ ወረቀቱን ዘርጉ። ስለ ስኳር መውረድ በሚናገረው ክፍል ላይ ብቻ ክብ አድርጉ። የቀረውን፣ ስለ አመጋገብ፣ ስለ እግር፣ ስለ መድኃኒት የሚያወራውን ለሌላ ካርድ አቆዩት።

ይህን መለየት ያስፈለገው መልእክቱ ከሌሎቹ ጋር ስለሚጋጭ ነው። አንዱ ገጽ «ስኳር አትብሉ» ይላል፤ ሌላው «ስኳር ስጡት» ይላል። ሕመሙም ስሙ ስኳር ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ያየ ቤተሰብ ይዞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የሰማውን፣ ማለትም ክልከላውን ነው። በሽተኛው ሲዝለፈለፍም ስኳሩን ይነፍገዋል።

ካርዱ ለማን እንደሚሰጥ አሁኑኑ ወስኑ። ኢንሱሊን ለሚወጉና ግሊቤንክላማይድ ለሚውጡ ብቻ ይሁን። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ እምብዛም አይወርድም። ካርዱን ለሁሉም ብታድሉ ባልፈለገው ሰው ቤት ስኳር የመብላት ፈቃድ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ የማይነካውን ጻፉ

ሐኪሙን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ቃሉ እንዴትም ቢለወጥ የማይለወጠውን ሐቅ በቁጥር ጻፉ። ለዚህ ካርድ የሚከተለው ይበቃል፦

1. ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የአእምሮ መዛባት ነው።
2. መለኪያ መሣሪያ ከሌለና ከተጠራጠራችሁ፣ እንደ ወረደ ቆጥራችሁ ስጡ።
3. የሚሰጠው 15 ግራም ያህል ስኳር ነው፤ በአፍ፣ መዋጥ ለሚችል ሰው።
4. ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ያው መጠን ይደገማል።
5. ሲሻለው ምግብ ይበላል።
6. ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይደረግም፤ በጎኑ ተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።
7. ቢሻለውም በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ ይነገራል።

በሁለተኛው ላይ ከሐኪሙ ጋር ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩ። የአማርኛው ወረቀት «የደም ስኳርዎን ይለኩ» ብሎ ሊጀምር ይችላል። መለኪያው በሌለበት ቤት ይህ ትእዛዝ ሰውየውን ሳይረዱት ቆሞ ማየት ማለት ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ለነበረ ሰው አንድ ጊዜ 15 ግራም ቢጨመርለት የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው። ለወረደበት ሰው አለመስጠት ግን ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ «ለኩ» የሚለውን ከካርዱ ፊት አውጡት። 70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሚለውን ቁጥር በካርዱ ጀርባ፣ በትንሽ ፊደል፣ ለጤና ባለሙያው ጻፉት።

ሰባተኛውን ማንም እንዳይሰርዘው። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ከሰዓት የዳነ ሰው ማታ ተመልሶ ሊወርድበት ይችላል።

ደረጃ 3፦ መጠኑን በቤት ዕቃ ለኩ

«15 ግራም» የሚለው ቃል ካርዱ ላይ አይወጣም። በሚታወቅ ዕቃ ተኩት።

ሚዛኑን አውጡ። ቀይ አፈር ሱቅ ከሚሸጠው የሾርባ ማንኪያ አንዱን ግዙ። ስኳር ሙሉበትና አፉን በቢላ ጀርባ ጥረጉት። መዝኑት። ከ12 እስከ 15 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ማንኪያውን ቀይሩ ወይም «ቁልል አድርጋችሁ» በሉ፤ ከዚያ መዝናችሁ አረጋግጡ። ማርም በዚያው ማንኪያ አንድ ይበቃል። ለስላሳ መጠጥ ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ነው፤ ስኳር የሌለው ዓይነት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

ማንኪያ የሌለበት ቤት እንዳለ አስቡ። እዚያ ቤት ያለውን ዕቃ፣ የኩባያ ክዳን ይሁን የጠርሙስ ቆርኪ፣ ወስዳችሁ በሚዛኑ ሙሉትና ስንት ጊዜ ቢሞላ 15 ግራም እንደሚሆን ቁጠሩ። በግምት አትጻፉ።

አሁን ሰዎች በቅድሚያ የሚያነሡትን ዕቃ ፈትሹ። የታመመ እንግዳ ሲኖር በበና ቤት ቶሎ የሚቀርበው በቅል የተቀዳ የቡና ገለባ ነው። የሚጣፍጠው በጨው እንጂ በስኳር አይደለም፤ የወረደ ስኳር አያነሳም። ሁለተኛው ለምለም ነው። ለምለም ለተቅማጥ ተብሎ የተለመደ ስለሆነ «ለደከመው ሰው የሚሰጥ ዱቄት» ተደርጎ ይታያል። አንድ ሊትር ለምለም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ግን 13.5 ግራም ነው፤ አንድ ብርጭቆው 3 ግራም እንኳን አይደርስም። ሁለቱንም «አይበቃም» በሚለው ዝርዝር ላይ መዝግቡ፤ በፈተናው ጊዜ ትፈልጓቸዋላችሁ።

የ15 ደቂቃውንም ነገር እንዲሁ አድርጉ። ሰዓት የማይመለከት ቤተሰብ የሚያውቀውን አንድ ሥራ ምረጡ፤ እሳት አንድዶ ውሃ ማፍላት ሊሆን ይችላል። ሦስት የተለያየ ቤት ውስጥ በስልክ ሰዓት ለኩት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ከወደቀ ተጠቀሙበት። ከዚያ ከበለጠ ጣሉት፤ ማጠር ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ዓረፍተ ነገሩን ሰብሩ

በራሪ ወረቀቶች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦

«ሃይፖግላይሴሚያ በሚከሰትበት ወቅት ታካሚው በፍጥነት የሚመጠጥ ካርቦሃይድሬት ከ15–20 ግራም በመውሰድ ከ15 ደቂቃ በኋላ የደም ስኳር መጠኑን በድጋሚ ሊለካ ይገባል።»

ይህን እንዳለ ለተርጓሚው አትስጡ። «በሚከሰትበት ወቅት»፣ «በመውሰድ»፣ «ሊለካ ይገባል» የሚሉት ማሰሪያዎች ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚያደርግ ይደብቃሉ። ተርጓሚው የደበቁትን ራሱ ገምቶ ይሞላል፤ ስህተት የሚገባውም በዚያ ነው።

መጀመሪያ የሚሠራውን ሰው ቀይሩ። ስኳሩ የወረደበት ሰው ራሱን መርዳት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ለቤተሰቡ ይናገር። በዚህ ሌላም ጥቅም ታገኛላችሁ፦ «ስጡት» ማለት ለወንድም ለሴትም፣ ለአባትም ለልጅም ይሆናል። «ጠጣ» ካላችሁ ሴቷን ትታችኋል፤ «ይጠጡ» ካላችሁ አማርኛ በገበያ የለመደ ሰው ለሌላ ሰው የተባለ ሊመስለው ይችላል።

ከዚያ እያንዳንዱን ድርጊት በአንድ መስመር ጻፉ፦

- ላብ አለው? ይንቀጠቀጣል? ንግግሩ ተዛብቷል?
- ስኳሩ ወርዷል።
- አንድ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጡ።
- አጠጡት።
- ውሃ እስኪፈላ ጠብቁ።
- ካልተሻለው እንደገና አጠጡት።
- ሲሻለው ገንፎ አብሉት።
- ካልሰማችሁ፣ ካልነቃ፣ በአፉ ምንም አታድርጉ።
- በጎኑ አስተኙት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
- ቢሻለውም ዛሬውኑ ለጤና ባለሙያ ንገሩ።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ የሚያጥርበት መስመር ካለ ለሁለት ቁረጡት። ከደረጃ 2 ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያዩትና የቀረ ሐቅ ካለ መልሱ። ለምሳሌ «ድንገተኛ ረሃብ» ከላይ ወድቋል። ምልክቱ ለቤተሰቡ ስለማይታይ ሆን ብለን ትተነዋል፤ ሐኪሙ ይህን አይቶ «እሺ» ማለት አለበት። የወደቀ ነገር ሁሉ በፈቃድ የወደቀ ይሁን።

ደረጃ 5፦ በቃል አስነግሩ፣ ከዚያ ቅዱ

ለመጀመሪያው ተርጓሚ ወረቀቱን አትስጡት። አንብቡለትና ወረቀቱን ገልብጡ። «ይህን ለወንድምህ በበና ቋንቋ ንገረው» በሉት። የሚናገረውን ቅዱ።

ወረቀት እያየ የሚተረጉም ሰው የአማርኛውን የቃል አሰላለፍ ይከተላል። ከቃሉ የሚናገር ሰው ግን ሰው የሚሰማውን ይናገራል። በስሪ ላንካው የሲንሃላ ቋንቋ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፦ የተጻፈው ሲንሃላ ከሚነገረው በሰዋስው ጭምር ይለያል፤ በጽሑፉ ሰዋስው የተዘጋጀ የጤና ወረቀት ትምህርት ላልገፋ ሰው የክብር ንግግር ይመስለዋል። እዚያም የሚያዋጣው መጀመሪያ በአፍ አስነግሮ፣ ቀድቶ፣ ከዚያ መጻፍ ነው።

ቅጂውን አብራችሁ አዳምጡ። ሦስት ቦታ ላይ አቁሙና ጠይቁ።

የመጀመሪያው ሕመሙ የተጠራበት ቃል ነው። ተርጓሚው «ስኳር» የሚለውን የአማርኛ ቃል እንዳለ ከወሰደው፣ ሕመሙንና ምግቡን አድማጩ በምን እንደሚለይ ጠይቁት። ካልተለየ ሕመሙን በስም አትጥሩት። «ያ ሰው ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ» ብሎ በምልክቱ ይጀምር፤ የሚሰጠውን ደግሞ «ጣፋጭ ውሃ» ይበለው።

ሁለተኛው «ወርዷል» የሚለው ነው። በአማርኛ ስኳር ይወጣል፣ ይወርዳል። በሌላ ቋንቋ መውረድ መሻል ሊመስል ይችላል፤ ትኩሳት ሲወርድ ደግ ነውና። አድማጩ «እንኳን ወረደ» ካለ ቃሉን አውጡት፤ «አንሶታል» ወይም «አልቆበታል» ወደሚል ሐሳብ ውሰዱት።

ሦስተኛው «ካልነቃ» የሚለው ነው። እንቅልፍና ራስን መሳት ከተምታቱ አደጋ አለው። «ስትጠሩት ካልመለሰ፣ ስትነኩት ካልተንቀሳቀሰ» ብሎ በድርጊት ይናገረው።

አስተካክሉና እንደገና ቅዱ። ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ።

ደረጃ 6፦ መልሳችሁ አስተርጉሙ

ቅጂውን ለሁለተኛው ተርጓሚ አሰሙት። አማርኛውን አታሳዩት። የሰማውን በአማርኛ ይንገራችሁ፤ እናንተ ጻፉ።

አሁን ከሰባቱ ሐቆች ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። ተመልሶ የመጣው «ጣፋጭ አጠጡትና ይተኛ» ካለ፣ «በጎኑ አስተኙት» የሚለው ለነቃውም ለሳተውም ተደባልቋል፤ ሁለቱን ሁኔታዎች በቅጂው ውስጥ በመሃል ዝምታ ለዩአቸው። «ጣፋጭ ነገር ስጡት» ብቻ ካለ መጠኑ ጠፍቷል። «እስኪሻለው አጠጡት» ካለ መጠበቁ ጠፍቷል።

ቃል በቃል አልገጠመም ብላችሁ አትጨነቁ። ሐቁ ይግጠም። «ገንፎ» ተብሎ የሄደው «የማሽላ ምግብ» ተብሎ ቢመለስ ምንም አይደለም። «አንድ» ተብሎ የሄደው «ጥቂት» ተብሎ ቢመለስ ግን ሥራው አላለቀም።

ለፀማይ ይህን ቅጂ አትጠቀሙ። የበናና የሐመር ቋንቋ እርስ በርስ ይሰማማል፤ ፀማይ ግን ከሌላ የቋንቋ ቤተሰብ፣ ከኩሽ ነው። ከደረጃ 5 እንደ አዲስ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ አራት ሥዕል ሣሉ

ኤ4 ወረቀቱን እጠፉና አራት ቦታ አድርጉት። በአንዱ ቦታ አንድ ድርጊት ብቻ ይሁን።

በመጀመሪያው አንድ የበና ሰው ቦርኮቶው ላይ ተቀምጦ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሣሉ። በሁለተኛው ሴት በማንኪያ ስኳር ወደ ኩባያ ስትጨምር፣ አጠገቧ የስኳር ከረጢት ይታይ። በሦስተኛው እየጠጣ፣ ከጎኑ ድስት ሲፈላ። በአራተኛው ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ተኝቶ፣ ሁለት ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ ሊያነሱት ሲሉ።

ልብሱን፣ ዕቃውን፣ ቤቱን የአካባቢው አድርጉት። ሮስ ዳውስና ማርቲና ኤለርስ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከአሜሪካ የመጡ የመድኃኒት ምልክቶችን በአገራቸው ከተሣሉት ጋር ትምህርት ባልገፉ ሰዎች ዘንድ አነጻጽረው ነበር፤ ሰዎቹ በአገር የተሣሉትን በተሻለ ተረድተዋቸዋል።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አትጠቀሙ። የተቆረጠ የሰውነት ክፍል፣ ብቻውን የቆመ አፍ ወይም እጅ አትሣሉ፤ ሙሉ ሰው ይሁን። በሥዕል ላይ የሚደረግ የኤክስ ምልክትም «አታድርግ» ማለት መሆኑን ያልተማረ ሰው አያውቅም። የሳተ ሰው አፍ ላይ ኩባያ ሥላችሁ ብትሰርዙት፣ የሚታየው ኩባያ ነው። ይልቅ ኩባያውን ጨርሶ አትሣሉት።

የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል በአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነጥብ አሳዩ። የግዕዝ አኃዝ አትጻፉ። ከሥዕሉ ሥር ከአምስት ቃል የማይበልጥ አማርኛ በትልቁ ጻፉ፤ ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ እሱ ያነበዋል።

ደረጃ 8፦ ፈትኑ

ካርዱንና ቅጂውን ይዛችሁ ውጡ። በገበያ ቀን አትሂዱ፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። መንደር ሄዳችሁ አምስት ወይም ስድስት ሰው አንድ በአንድ አነጋግሩ። ሴቶችም፣ በዕድሜ የገፉም ይኑሩበት።

«ገባዎት?» አትበሉ። እንግዳን ላለማሳፈር ሁሉም «አዎ» ይላል።

ካርዱን ያለ ድምፅ አሳዩና «ይህ ሰው ምን ሆኗል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝም በሉ። መልሱን በራሱ ቃል ጻፉ። «ወባ ይዞታል» የሚል ይኖራል፤ ላብና መንቀጥቀጥ ለሚያውቀው ወባ ነውና። ይህን መልስ እንደ ስህተት አትዩት፤ ትክክለኛ ግምት ነው። መፍትሔው በሥዕል 1 ውስጥ ሰውየው ስኳር እንዳለበት የሚያሳይ ነገር መጨመር ነው፤ ለምሳሌ የኢንሱሊን ጠርሙሱንና መርፌውን አጠገቡ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አሰሙ። ከዚያ ዕቃዎቹን መሬት ላይ ዘርጉ፦ ስኳር፣ ጨው፣ ማር፣ ለምለም፣ የቡና ገለባ፣ ማንኪያ፣ ኩባያ፣ ቅል። «እኔ ወንድምህ ነኝ፤ እንዲህ ሆንኩ። ምን ታደርጋለህ? አሳየኝ» በሉት። ለአባት ወይም ለእናት «አሳዩኝ» በሉ።

እጁን ተከታተሉ። በመጀመሪያ የሚያነሳው ምንድን ነው? ስንት ማንኪያ ጨመረ? ጠበቀ? ጨውና ስኳር ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ቀምሶ ለየ? ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተኙ። ኩባያውን ወደ አፋችሁ ካመጣው ሥዕል 4 አልሠራም። ዋናው ፈተና ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተሳክቶ በዚህ ከወደቀ ካርዱ አይታተምም፤ የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ ወደ ሳንባ ይገባልና።

የተሳሳተውን በዚያው ምሽት አርሙ። በሌላ ቀን ለሌሎች ሰዎች አሳዩ። ሁለት ተከታታይ ዙር ሁሉም ሰው ትክክለኛውን ዕቃ አንስቶ፣ ልኩን ጨምሮ፣ የተኛውን ሳያጠጣ እስኪቀር ቀጥሉ።

ደረጃ 9፦ ሐኪሙ ይፈርም

ካርዱን፣ የቅጂውን የመልስ ትርጉምና ሰባቱን ሐቆች በአንድ ላይ ለሐኪሙ ስጡ። አንድ በአንድ ምልክት ያድርግ። በካርዱ ጀርባ ቀንና የእትም ቁጥር ጻፉ። ከዚህ በኋላ አንድ መስመር እንኳን ቢለወጥ እንደገና ለእሱ ይቅረብ።

ደረጃ 10፦ አትሙ፣ አድርሱ

በግማሽ ኤ4 ወፍራም ወረቀት አትሙት። ላሚኔት አድርጉት። ጥጉን ብሱና ክር አስሩበት፤ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ከካርዱ ጋር አንድ ማንኪያ ስኳር በደንብ በሚታሰር ላስቲክ አብራችሁ ስጡ፤ ሰውየው ከብት ይዞ ሲወጣ ይዞት እንዲሄድ።

ቅጂውን በሚሞሪ ካርድ ዘፈን ለሚጭኑ ሱቆችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስልክ ላኩ። ካርዱን ለታማሚው ብቻ አትስጡት። አብሮት የመጣው ሰው ይቀበለው፤ እዚያው ያሳይ።

ቀጣዩን ካርድ ስትጀምሩ

የኢንሱሊን ካርድ ከሆነ «ዩኒት» የሚለውን ሁልጊዜ በሙሉ ጻፉ። ከቁጥሩ ጎን የተለጠፈ የላቲን ዩ ፊደል ዜሮ መስሎ 10 ዩኒት 100 ሊሆን ይችላል። መጠኑን አስቀድማችሁ አታትሙ፤ መርፌውን ባዶ ሣሉና ነርሷ በማርከር ታቅልመው።

ከውጭ አገር የተገኘ ወረቀት መነሻ ካደረጋችሁ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። እዚያ ጠዋት 8 የተባለው እዚህ 2 ሰዓት ነው፤ እንዳለ ከቀዳችሁት የጠዋቱ መርፌ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ይወጋል። «ፀሐይ እንደወጣች፣ ከቁርስ በፊት» ብላችሁ ጻፉ።

የእግር ካርድ ከሆነ ከእሾሁ ጀምሩ። ስኳር የነርቭን ስሜት ስለሚያደነዝዝ የተወጋ እግር ላያም ይችላል። በረባሶም ያደረገ ሰው ማታ ማታ እግሩን በዓይኑ ይይ፤ ማየት ካቃተው ልጁ ይይለት።

ያሉትን ካርዶች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሱ። ጤና ጣቢያው የሚሰጠው መድኃኒት ከተቀየረ ግን ዓመቱን አትጠብቁ፤ አሮጌውን ካርድ ሰብስባችሁ አዲሱን ስጡ።